የቆየ ተወዳጅ ጽሑፍን አድሶ እንደገና ማውጣት፦ «ገናን በላሊበላ»ን እንዴት እንዳደስኩት

በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አንዲት የኮምቦልቻ እናት ደወሉልኝ። ሰላምታው በወሎ ልክ ረዘም ካለ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። «ልጄ፣ ገና በ28 ነው ብለህ አልጻፍክም እንዴ? እኛ ይህንኑ ይዘን በ26 ገብተን፣ በ27 ሌሊት ነጠላችንን ለብሰን ብንወጣ ሰዉ ገና መንገድ ላይ ነው። አንድ ሌሊት በከንቱ የአልጋ ከፈልን።» ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «አብሽር፣ ያለፈው አለፈ፤ ለሌላው ሰው ግን አስተካክለው» አሉኝ።

ጽሑፉን ያወጣሁት በ2008 ኅዳር ነበር። ርዕሱ «ገናን በላሊበላ፦ ከደሴ ለሚነሳ» ይላል። እስከዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ እንደሱ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው የለም። «ታኅሣሥ 28» ያልኩትም ስህተት አልነበረም፤ የ2008 ገና በእርግጥ ታኅሣሥ 28 ነው የዋለው። በሚቀጥለው ዓመት ግን 29 ሆነ። ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር አንድ ጽሑፍ ሲያረጅ የሚያስቸግረው ማንም አይቶ «ይኼማ የድሮ ነው» የሚለው የትራንስፖርት ታሪፍ እንዳልሆነ ነው። የሚያስቸግረው ዘላለማዊ መስሎ የተቀመጠው የአንድ ዓመት እውነት ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው እሱን በማደን ላይ ነው።

ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት

መጀመሪያ የድሮውን ጽሑፍ እንዳለ ቅዱና አንድ ቅጂ ሳትነኩት አስቀምጡ። ከዚያ ሰዎች ጽሑፉን የወደዱት በምን እንደሆነ እወቁ። ራሳችሁን አትጠይቁ፤ ጸሐፊ ደክሞ የጻፈውን ክፍል ነው የሚወደው፣ አንባቢ ደግሞ ሌላውን። ሰዎች ሲያገኟችሁ ከጽሑፉ የሚያነሱላችሁን፣ ቆርጠው ለሌላ ሰው የሚልኩትን፣ ደውለው የሚጠይቋችሁን አስታውሱና በወረቀት ጻፉ።

እኔ ያገኘሁት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው በቤተ ማርያም ቅጥር ላይ ካህናቱ ከላይና ከታች ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ»ን እየተቀባበሉ የሚያዜሙበትን ጠዋት የገለጽኩበት አንቀጽ ነው። ሁለተኛው ሌሊቱን ደጅ ለሚያድር ሰው ምን ይዞ መሄድ እንዳለበት የሚለው ነው፤ ጋቢ፣ ካልሲ፣ ባትሪ፣ ጫማ ሲወልቅ የሚያዝበት ፌስታል። ሦስተኛው ደግሞ ጋሸና ላይ ስለተገናኘሁት ተሳላሚ አዛውንት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያጣራሁትን የአልጋ ዋጋ ዝርዝር ያነሳልኝ አንድም ሰው አልነበረም።

ይህ ወረቀት ሥራው እስኪያልቅ ከጎናችሁ ይቀመጥ። ከእነዚህ ክፍሎች ላይ ቃል ስትነኩ እጃችሁ ከሌላው ቦታ ይልቅ መክበድ አለበት።

ሦስት እስክሪብቶ

ጽሑፉን አትማችሁ አውጡት። በስልክ ስክሪን ላይ የራስን የድሮ ጽሑፍ ማንበብ ያዘናጋል፤ ዓይን የሚያውቀውን እየዘለለ ያልፋል። አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ ያዙና በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህ ነገር ውሸት እንዲሆን ማን ምን ማድረግ አለበት?

«አብያተ ክርስቲያናቱ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ቁጥራቸውም 11 ነው።» ይህን ማንም ሊለውጠው አይችልም፤ አረንጓዴ። «ከደሴ የሚነሳ ሰው በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልድያ ይደርሳል።» ተራራው እስካልተነሳ ድረስ መስመሩ ያው ነው፤ አረንጓዴ። «መኪናው ከደሴ መናኸሪያ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ይወጣል።» ይህን አንድ የስምሪት ሠራተኛ ነገ ሊለውጠው ይችላል፤ ሰማያዊ። «ትልቁ ኖት 100 ብር ስለሆነ በደንብ ዘርዝራችሁ ያዙ።» ይህ ከመስከረም 2013 ጀምሮ ውሸት ነው፤ 200 ብር ወጥቷል፣ የቀድሞው 100 ብርም ተቀይሯል። ቀይ።

እንግዲህ ቀዩ ቀላል ነው፤ ራሱ ይጮሃል። ቀኑ የሚያልቀው ሰማያዊው ላይ ነው። የእኔ ጽሑፍ 90 ያህል ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ ቀይ የሆነው 8 ብቻ ሲሆን ሰማያዊው ግን 30 ደረሰ። ሰማያዊው ከግማሽ በላይ ከሆነባችሁ ማደሱ አያዋጣም፤ ያ ጽሑፍ ዜና ነበር ማለት ነው፣ ከነቀኑ ይቀመጥ፣ እናንተም አዲስ ጻፉ።

የተደበቀውን ዓመት ማደን

ቁጥር የሌለበት ቀን ብዙ ነው። በአማርኛ ጊዜን ተሸክመው የሚዞሩ ቃላት አሉን፤ እነሱን አንድ በአንድ ፈልጉ። «ዘንድሮ»፣ «አምና»፣ «ሰሞኑን»፣ «በቅርቡ»፣ «አሁን»፣ «እስካሁን»፣ «አዲሱ»፣ «ከጥቂት ዓመታት በፊት»። «ገና» የሚለውንም መፈለግ አለባችሁ፤ እኔ ስፈልገው ግን በዓሉ ራሱ 40 ቦታ ላይ ወጣብኝና ሳቅኩ፣ በዓይኔ መለየት ነበረብኝ።

ከቃላቱ ቀጥሎ ግሦቹን እዩ። «እየተሠራ ነው»፣ «ሊጀመር ነው»፣ «ይጠበቃል»፣ «ታስቧል» የሚሉት ሁሉ በዓመቱ የሚሞቱ ናቸው። እኔ «ከጋሸና ላሊበላ ያለው ኮረኮንች እየተጠገነ ነው» ብዬ ነበር። ከዓመታት በኋላ የሚያነበው ሰው ይህን ሲያይ ወይ መንገዱ ዛሬም ግንባታ ላይ ነው ብሎ ያምናል፣ ወይ ጸሐፊው ላሊበላ ሄዶ አያውቅም ይላል።

ሦስተኛው መደበቂያ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። ይህኛው እኔን ክፉኛ ጥሎኛል። ከውጭ ጽሑፍ ላይ አይቼ «በ2008 ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ የተተከለው የብረት መጠለያ» ብዬ ጻፍኩ። ያ 2008 የፈረንጆቹ ነበር፣ በእኛ 2000 ገደማ ማለት ነው። ጽሑፌ ግን የወጣው በእኛው 2008 ስለሆነ አንባቢው ሁሉ መጠለያው የዚያው ዓመት ሥራ መሰለው። ስለዚህ በድሮ ጽሑፍ ውስጥ ያለን እያንዳንዱን ዓመት «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» አስይዙት። ላሊበላ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ያለ «እ.ኤ.አ.» ቢጻፍ ወደ ደርግ መጨረሻ ዓመታት ይወስደዋል።

ያረጀውን ምን እናድርገው?

ብዙ ሰው ማደስ ሲባል የድሮውን ቁጥር አውጥቶ የዛሬውን መክተት ይመስለዋል። ያ ማለት ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ሥራ ደግሞ መሥራት ነው። ያረጀ ዝርዝር ሲያጋጥማችሁ ከሥሩ ያለውን ምክንያት ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከቁጥሩ በታች የማያረጅ ነገር ተቀምጧል።

የገናውን ቀን እንውሰድ። «ታኅሣሥ 28» የሚለውን አጥፍቼ «ታኅሣሥ 29» ብል ለሦስት ዓመት ልክ እሆናለሁ፣ በአራተኛው ሌላ እናት ደግሞ አንድ ቀን ዘግይተው ይደርሳሉ። ከሥሩ ያለው ምክንያት ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ባለቀች ማግስት በሚጀምረው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በሌሎቹ ሦስት ዓመታት ታኅሣሥ 29። በ2008፣ በ2012 እና በ2016 በ28 ዋለ፣ በ2020ም በ28 ይውላል። ይህን ሁለት ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ያ ቦታ ዳግመኛ የማይታደስ ሆነ።

የብሩም እንዲሁ ነው። «ትልቁ ኖት 100 ብር» ከሚለው በታች ያለው ምክር በዓሉ ላይ ሻይ የምትሸጠው ልጅም ጫማ የሚጠብቀው ልጅም መልስ አይኖራቸውም የሚል ነበር። እሱን ብቻ አስቀረሁት፦ «ትልልቁን ኖት ደሴ ላይ ዘርዝራችሁ ሂዱ፤ በበዓል ዝርዝር አይገኝም።» የኖቱ ስም ወጣ፣ ምክሩ ቀረ።

ከሥሩ ምክንያት የሌለው ነገርም አለ። ታሪፍ፣ የአልጋ ዋጋ፣ የመነሻ ሰዓት፣ ስልክ ቁጥር ምንም ብትቆፍሩ ሌላ ነገር አይወጣቸውም። እነዚህን ከጽሑፉ ሰውነት ነቅላችሁ አንድ ቦታ፣ መጨረሻ ላይ፣ «የዚህ ዓመት መረጃ» በሚል ሳጥን ውስጥ ሰብስቧቸው፤ ከላዩ የተጣራበትን ወርና ዓመት ጻፉ። በየአንቀጹ ከተበተኑ አንዱን ታድሱና ሌላውን ትረሳላችሁ። ለአንባቢ ከማይጠቅሙት ደግሞ ያለ ርኅራኄ ገላገል በሉ፤ የእኔ የአልጋ ዝርዝር እንዳለ ሄዷል። በምትኩ የገባው «በገና ሰሞን የአልጋ ዋጋ ከሌላው ጊዜ በብዙ ይወጣል፤ ቀድማችሁ ያዙ» የሚል ነው።

መጠለያው ላይ ያደረግኩት ሌላ ነው። ሌላ ቦታ ላይ «አዲሱ መጠለያ» ያልኩትን «እ.ኤ.አ. በ2008 የተተከለው መጠለያ» አልኩት። ሰው እውነተኛ ቀን ከተሰጠው የጽሑፉን ዕድሜ ራሱ ያሰላል፤ «አዲሱ» ግን ሁልጊዜ የጸሐፊውን ጊዜ ነው የሚናገረው።

አንድ ነገር ግን ከሳጥኑም ውስጥ አላስገባሁም፤ የመንገድ ደኅንነትን። በ2008 «መንገዱ ሰላም ነው፣ ማታም ይኬዳል» ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሎ ምን እንዳየች ሁላችንም እናውቃለን። ይህ በወርና በዓመት የሚታደስ ሳይሆን በዕለቱ የሚጠየቅ ነገር ነው። «ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት ከወልድያ የመጣ ሾፌር ጠይቁ» ብዬ ዘጋሁት።

አንድ አንቀጽ በቅርበት

የድሮው እንዲህ ይል ነበር፦

«ዘንድሮ ገና ታኅሣሥ 28 ሐሙስ ይውላል። ከደሴ መናኸሪያ ጠዋት 11፡30 የሚወጣውን አዲሱን መኪና ያዙ። ወልድያ ምሳ ትበላላችሁ፤ ከዚያ በዲልብ ዳገት ወደ ጋሸና ነው። ከጋሸና ያለው ኮረኮንች እየተጠገነ ስለሆነ ትንሽ ያንገላታል። ጋሸና በጣም ይበርዳል፣ ጋቢያችሁን ከሻንጣ አውጡ።»

የታደሰው ይኸውና፦

«ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ታኅሣሥ 28 ነው። ከደሴ ማልዳችሁ ተነሱ። ደሴና ወልድያ 120 ኪ.ሜ. ያህል ይራራቃሉ፤ ከወልድያ በኋላ በዲልብ ዳገት ወደ ጋሸና ትወጣላችሁ፣ ከጋሸና ደግሞ ላሊበላ 60 ኪ.ሜ. ገደማ ይቀራል። ጋሸና ስትደርሱ የሚቀበላችሁ ብርዱ ነው፤ ጋቢያችሁ ከመኪናው አናት ላይ ሳይሆን ከእጃችሁ ይሁን።»

የመነሻ ሰዓቱ ወደ ሳጥኑ ሄደ። «ማልዳችሁ» የቀረው ደግሞ ሰዓቱ ቢለወጥም ርቀቱ ስለማይለወጥ ነው። የጋቢው ምክር የተሻሻለው ያረጀ ሆኖ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን ከሻንጣ ጋር ጣሪያ ላይ አስጭኖ ሲንቀጠቀጥ ደጋግሜ ስላየሁ ነው። እያደሳችሁ ሳለ እንዲህ ያለ ያወቃችሁት ነገር ካለ ጨምሩ፣ ግን ስስ አድርጋችሁ።

ሰማያዊውን ማጣራት

ሰማያዊ የተሰመረበትን ሁሉ በስልክ ወይም በአካል አጣሩ። አጠያየቁ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መናኸሪያ ሄጄ አንዱን ረዳት «የላሊበላው መኪና 11 ሰዓት ተኩል ነው አይደል የሚወጣው?» ስለው «አዎ ጋሼ» አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ሌላውን «የላሊበላ መኪና ስንት ሰዓት ይወጣል?» ብዬ ስጠይቅ «ቀጥታ ከሌለ ወልድያ ሄደው ይቀይሩ፣ የወልድያው ደግሞ ሲሞላ ነው የሚወጣው» አለኝ። የመጀመሪያው አልዋሸኝም፤ እኔ መልሱን አፉ ውስጥ አስቀመጥኩለት፣ እሱም አክብሮኝ «አዎ» አለ። የድሮውን መልስ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ጥያቄውን ባዶ አድርጋችሁ ጠይቁ።

ሁለት ሰው ካልተስማማበት ከጽሑፉ ይውጣ። ስለ በዓሉ ሥርዓት ደግሞ ከመናኸሪያ ሰው ይልቅ ካህን ወይም ደብተራ ጠይቁ። እኔ በቤተ ማርያም ካህናቱ «ቤዛ ኩሉ»ን የሚያዜሙበትን ቦታ፣ የማሜ ጋራን ስም በድሮው ጽሑፍ አዛብቼ ጽፌው ነበር፤ ያረሙልኝ አንድ መሪጌታ ናቸው።

ሲበዛ የሚመጣ ጥፋት

አሁን ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ጋሸና ላይ መኪናችን ጎማ ሲቀይር መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሽምብራ ቆሎ ያካፈሉን ተሳላሚ ናቸው። በድሮው ጽሑፍ ለልጃቸው ሊደውሉ ፈልገው የ5 ብር ካርድ በሳንቲም ሲፍቁ፣ ቁጥሩ ደብዝዞባቸው እኔ እንዳነበብኩላቸው ጽፌ ነበር። በማደሱ ወቅት እስክሪብቶዬ ሞቆ ነበርና ካርዱን «ያረጀ ዝርዝር» ብዬ ሰረዝኩት፤ ዛሬ ሰው በስልኩ ነው የሚሞላው። ቀጥዬም «አንድ አዛውንት ቆሎ ሰጡን» አልኩ።

ለጎረቤቴ አነበብኩላት። «የታለ ካርዱ? እሳቸው እኮ የሚታዩኝ ሲፍቁ ነው» አለችኝ።

ልክ ነበረች። መረጃ ያረጃል፤ ትዝታ ግን ቀን ሲሰጠው አያረጅም። ካርዱ ለአንባቢው መመሪያ አልነበረም፤ እኔ በአንድ ቀን ያየሁት ነገር ነው። ስለዚህ መልሼ አስገባሁትና ከፊቱ «በ2007 ዓ.ም. የገና ዋዜማ» የሚል ጨመርኩ። አንድ ዝርዝር ሲያጠራጥራችሁ በእሱ ተመርቶ የሚሄድ አንባቢ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካለ ይታደስ፣ ከሌለና ሥዕል የሚሰጥ ከሆነ ቀኑን አስይዛችሁ ተዉት።

በጽሑፉ ውስጥ ስማቸው ወይም ፎቶአቸው ያለ ሰዎችም ካሉ ደውላችሁ ጠይቁ። በሕይወት የሌለን ሰው «እሳቸውን ብታገኟቸው ያስጎበኟችኋል» ብሎ ደግሞ ማውጣት ቤተሰቡን ያሳዝናል።

ሊወጣ ሲል

በጽሑፉ አናት ላይ ሁለቱንም ቀን ጻፉ፦ «መጀመሪያ የወጣው ኅዳር 2008 ዓ.ም.፤ የታደሰው» ብላችሁ የአሁኑን ወርና ዓመት። የድሮውን ቀን ደብቆ አዲስ ማስመሰል ያስጠረጥራል፤ ጽሑፉን ቀድሞ ያነበበ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

ማደስና ማረም አንድ እንዳልሆኑም አትርሱ። የብር ኖቱ ስለተለወጠ መለወጤን ለማንም ማስታወቅ አይጠበቅብኝም። የማሜ ጋራ ስምና የመጠለያው ዓመት ግን በ2008ም ስህተት ወይም አሳሳች ስለነበሩ፣ ከግርጌ በአንድ አንድ መስመር «በፊት እንዲህ ብዬ ነበር፣ ልኩ ይህ ነው» ብዬ አስቀመጥኩ። የድሮውን ይዞ የሚከራከር ሰው ይኖራላ።

በመጨረሻ ጽሑፉን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አዲስ የገቡ ዓረፍተ ነገሮች ከድሮው ድምፅ ጋር ካልገጠሙ ጆሮ ይሰማዋል። እኔ በ2008 ከዛሬው ይልቅ አጭር አጭር እጽፍ ነበር፤ አዲሶቹን መቆራረጥ ነበረብኝ።

ሰማያዊ የተሰመረበትን ወረቀት አትጣሉት። የእኔ ከመደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ከጎኑ ለየትኛው መስመር ማን ጋር እንደሚደወል ተጽፏል። የኮምቦልቻዋን እናት ቁጥር ደግሞ ከላይ አድርጌዋለሁ፤ የታደሰውን መጀመሪያ ያነበቡት እሳቸው ናቸው። «ጳጉሜን ነገር ገብቶኛል» አሉኝ፣ «ብቻ የሽንት ቤቱን ነገር ምነው ዘለልከው? ሌሊቱን ሙሉ ለሚያድር ሰው እሱም ይጻፍ እንጂ።» ጻፍኩት።